የማለዳ ካርታ፣ የማታ ቃል

እሑድ፣ ኅዳር 1 ቀን 1978

በጴታሕ ቲክቫ ከተማ ከእኔ ከዋኘው ፈጥኖ ፊደል የለየ ሰው የለም። ሀ ብዬ በጀመርሁ በሦስተኛው ሳምንት ጨረስሁ። እሺ፣ አምስት ወር ነው። ያውም የማታ ትምህርት አስተማሪያችን ጋሼ ወርቅአገኘሁ «አንተ ከምትጽፈው የምታወራው ይበዛል» እያሉ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መልሰውኛል። ቢሆንም ጨርሻለሁ። ሲሸኙን ለያንዳንዳችን አንድ አንድ ደብተር ሰጡንና «በየቀኑ ጻፉ፤ አለዚያ እጃችሁ ይረሳል» አሉ።

ምን እንደምጽፍ አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ያለምዘውድ ሆስፒታል ከተኛች ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ደም ታያትና ሐኪሙ እስክትወልድ ከአልጋ አትውረድ አለ። ስለሱ አልጽፍም።

የምጽፈውን የሰጠችኝ ሮሳ ናት። ኪርያት አርዬ ባለው ሚፍዓል፣ በፋብሪካው ማለቴ ነው፣ ከጎኔ ቆማ የፕላስቲክ ክዳን ታሽጋለች። ከአርጀንቲና የመጣች ባልቴት ናት። የሷም ዕብራይስጥ የኔም ዕብራይስጥ ስብርብር ስለሆነ ደኅና እንግባባለን። ሐሙስ ዕለት ሳስቃት ስውል «አፍህ ይቀልዳል፣ እጅህ ክዳኑን ሁሉ ያጣምማል» አለችኝ። ዛሬ በሻሽ የተጠቀለለ ካርታ አመጣችልኝ። የቁማር አይደለም። ታሮት ትለዋለች። ሰባ ስምንት ነው። ሃያ ሁለቱ ትልልቅ ሥዕሎች ናቸው፤ የቀሩት በአራት ወገን ይከፈላሉ፤ በትር፣ ጽዋ፣ ሰይፍና ሳንቲም።

በምሳ ሰዓት ሁሉንም ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ አሳየችኝ። አንዱን በጣም ወደድሁት፤ ራቁቱን የሆነ ሕፃን በነጭ ፈረስ ላይ፣ ከበላዩ ትልቅ ፀሐይ። «ይኼን ስጭኝና ሌላውን ያዥው» ብላት ሳቀች።

ደንቡን ነገረችኝ። ጠዋት አንዲት ካርታ ብቻ። ስትበውዝ «ዛሬ ምን ልብ ልበል?» ትላለህ። «ይሆናል ወይስ አይሆንም» ብለህ አትጠይቅም። ተገልብጦ ከወጣ አቅናው፤ ለጀማሪ ቀጥ ያለው ይበቃዋል። ትርጉም አትጠይቀኝ፤ መጀመሪያ ያየኸውን ጻፍ፣ ከዚያ የተሰማህን፣ ከዚያ አንዲት ቃል። ማታ ትመለስበታለህ። ሥዕሉን ዛሬ የት አገኘኸው? አንተ ምን አደረግህ? ያልገጠመውስ ምንድን ነው? የመጨረሻውን እንዳትዘለው አለችኝ። የጠዋቱንም ማታ እንዳትሰርዝ። በእስክሪብቶ ጻፍ።

«ታዲያ የሚመጣውን አይናገርም?» አልኋት።

«ቢናገር ኖሮ እኔ እዚህ ክዳን አሽግ ነበር?»


ሰኞ፣ ኅዳር 2

ጠዋት። ያየሁት፦ አንድ ጎረምሳ ገደል አፋፍ ላይ። ዐይኑ ወደ ሰማይ። ትከሻው ላይ በእንጨት ያንጠለጠላት ትንሽ ጥቅል። እግሩ ሥር ነጭ ውሻ። የተሰማኝ፦ ሳቅ። ቃል፦ ልብ በል።

ማታ። ሮሳ የካርታው ስም «ጅሉ» ነው አለችኝ። ያገሬ ልጅ ገበየሁ፣ ከኛው ጋር የሚሠራው፣ ሰምቶ «አንተ ካርታው ራሱ ያውቅሃል እኮ!» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰው ሲስቅብኝ ቀድሜ እስቃለሁ። የት አገኘሁት? ምሳ ላይ የሥራ መሪውን አቀርቅሮ አረማመድ ሳስመስል ከመወጣጫው ልወድቅ ነበር። ሁሉም አጨበጨቡ። ገበየሁ ግን «ያለምዘውድን አየሃት?» አለኝ። በሰደር፣ ደኅና ናት አልሁ። ያልገጠመው፦ ውሻው። ውሻ የለኝም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ያየሁት፦ ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው። እጁን አጣምሯል። ፊቱ ሦስት ጽዋ። ከደመና የወጣ እጅ አራተኛ ያቀርብለታል፤ እሱ አያይም። የተሰማኝ፦ ኩሩ ነው። ቃል፦ እምቢ።

አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው። ማታ እጽፋለሁ።

ማታ። አማቴ እትዬ አለምነሽ እንጀራና ምስር በእቃ ሞልተው «ውሰድላት» አሉኝ። እኔ ለገበየሁ ሚስት ለሙሉእመቤት ሰጠኋት፤ እሷ ሴት ናት፣ ትገባለች። ባገር ቤት፣ እኛ ኦሪት የምንጠብቅ ዘንድ፣ እንዲህ ነው። የምትወልድ ሴት ለብቻዋ ጎጆ ትገባለች፤ ወንድ ደጁን አይረግጥም። ወንድ ከወለደች አርባ ቀን፣ ሴት ከወለደች ሰማንያ። አባቴ አልገባም፣ አያቴ አልገባም። የኔ ጥፋት አይደለም።

ሥዕሉን የት አገኘሁት? የትም። አልገጠመም። አለቀ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ሰይፍ ይዞ የሚሮጥ ፈረሰኛ። ሁሉም ነገር ወደ ኋላው ይነፍሳል፣ ዛፉም ደመናውም። ቃል፦ ችኮላ።

ማታ። ትናንት የጾምና የጸሎት በዓላችን ስግድ ስለነበር አማቴ ጾመው ደክመዋል፤ በሳቸው ፈንታ ከሥራ በፊት ገበያ ሮጬ መጣሁ። ገጠመ! ለሮሳ ብነግራት «ቀላል ቀን ነበር፣ እንዲህ ባለው ቀን ነው የሚማሩት» አለች።


ዓርብ፣ ኅዳር 6

ሦስት ሴቶች ጽዋ አንሥተው የሚጨፍሩ። ሥራ እስከ ቀትር። ሰንበት ሳይገባ ያለፉትን ቀናት መልሼ አነብባለሁ፤ ይኼም የሮሳ ደንብ ነው። በሰንበት አልጽፍም፣ ካርታም አልነካም።

አነበብሁ። አምስት ቀን ሙሉ ስለ ያለምዘውድ ከሁለት ሦስት መስመር በላይ የለም። ብዙ ስለ ራሴ ነው። ጎበዝ ጸሐፊ ነኝ።


ሰኞ፣ ኅዳር 9

ሙሉእመቤት ትናንት ሆስፒታል ደርሳ መጣች። «ደሙ ተመልሶባታል፤ ደግሞ ቆመ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልነገረችኝም። ጠዋት ተነሥቼ በወዝሁ። «ዛሬ ምን ልብ ልበል?» አላልሁም። «ልጁ ይኖራል?» አልሁ።

ያየሁት፦ አጽም። የጦር ልብስ ለብሶ በነጭ ፈረስ። ጥቁር ሰንደቅ። ንጉሥ ከእግሩ ሥር ወድቋል።

መለስሁት። ደግሜ ሳብሁ። አሥር ሰይፍ የተሰካበት ሰው። መለስሁት። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ስንተኛ እንደሆነ አላውቅም። አባትና እናት ቀስተ ደመና ሥር ቆመው ልጆቻቸው ሲጨፍሩ የሚያሳየው እስኪወጣ ድረስ ሳብሁ። እሱን ያዝሁት። አውቶቡሱ ሄደ። አርፍጄ ገባሁ፤ ቀልጄ አለፍሁት።

ማታ። ደስ የሚለውን ይዤ ዋልሁ እንጂ ቀኑን ሙሉ ያየሁት አጽሙን ነው። ክዳኑ ሁሉ ራስ ቅል መሰለኝ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ለሮሳ ነገርኋት። አልተቆጣችም፤ ክዳን ማሸጓን ቀጠለች። 

«ጫማ ነው የምትገዛው? እስኪመችህ የምትለካው?» አለችኝ በኋላ። «ለአንድ ጠዋት አንድ ካርታ። የመጀመሪያው ነው ያንተ።»

«ሞት ነው እኮ የወጣው!»

«ጥያቄህ ነው የተበላሸው። ወረቀት ስለ ልጅህ ምን ያውቃል? አንተ ስለ ፍርሃትህ ጠይቅ፤ እሱን እንኳ ታውቃለህ። ደግሞ ሥዕሉን ጨርሰህ አላየኸውም። ሄደህ እየው።»

ማታ አውጥቼ አየሁት። እውነትም አላየሁትም ነበር። ከፈረሱ ፊት አንድ ሕፃን ተንበርክኳል። ሁሉም ፊቱን ሲያዞር እሱ ብቻ ቀና ብሎ ያያል። ከሩቅ ደግሞ በሁለት ግንብ መካከል ፀሐይ አለች። ትውጣ ትግባ አላወቅሁም።

ፊታቸውን ያዞሩት ትልልቆቹ ናቸው።


ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ያየሁት፦ በረዶ። ሁለት ድሆች፤ አንደኛው በምርኩዝ፣ አንደኛዋ ባዶ እግሯን። ከበላያቸው መብራት ያለበት የሚያምር መስኮት። ሁለቱም ቀና አይሉም። የተሰማኝ፦ ብርድ። ቃል፦ መስኮት።

ማታ። ትናንት አማቴ «ዛሬ ሄድህ?» ብለውኝ «ሄድሁ፣ ደኅና ናት» ብያቸው ነበር። መሄዱን ሄጃለሁ። ከሥራ በቀጥታ በአውቶቡስ ሆስፒታሉ ድረስ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከዳር ሁለተኛው መስኮት ነው፤ ሙሉእመቤት ነግራኛለች። እታች ዝናብ ላይ ቆምሁ። መብራቱን አየሁ። ሌሎች ባሎች ፌስታል ይዘው ይገባሉ ይወጣሉ። ቆሜ ቆሜ ተመለስሁ።

ካርታው ትናንት ሳይወጣ ዛሬ መውጣቱ ምን ይባላል? ሮሳ «ምንም አይባልም፤ ዛሬ ያየኸው ትናንት ስለቆምህ ነው» ትላለች። ያልገጠመው፦ እነሱ ሁለት ናቸው። እኔ ብቻዬን ነበርሁ።


ዓርብ፣ ኅዳር 13

እጁን ያጣመረው ሰውዬ። እንደገና! ደብተሩን ከመጀመሪያው መልሼ ሳነብ፦ ማክሰኞ ኅዳር 3 አንድ። እሑድ ኅዳር 8 ሁለት፤ ያን ቀን «አልገጠመም» ብቻ ብዬ አልፌዋለሁ። ዛሬ ሦስት። ከሰባ ስምንት ካርታ በሁለት ሳምንት ሦስቴ። ገበየሁ «በደንብ አትበውዝም» አለኝ። ሊሆን ይችላል፤ ካርታው ለእጄ ትልቅ ነው።

ግን ሦስቴም «አልገጠመም» ብዬ ልጽፍ ነው? የቀረበለትን ጽዋ የማያይ ሰው። ምግቡን ለሙሉእመቤት ያሳለፍሁት እኔ ነኝ። ሰንበት ሊገባ ነው። አቆማለሁ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 14፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ዛሬ ካርታ የለም፤ ሰንበት ነበር። ጠዋት ከጸሎት ወጥቼ ለአማቴ «በሰንበት አውቶቡስ የለም፣ እሑድ እሄዳለሁ» አልኋቸው። እሳቸው ቀና ሳይሉ «እግር የለህም?» አሉኝ።

ከሰፈራችን ከኤን ጋኒም በእግሬ ሄድሁ። ደረጃውን ስወጣ የቀልድ ዓይነት ሁሉ በሆዴ አዘጋጅቼ ነበር። ደጁ ላይ እግሬ ቆመ። አንዲት ነርስ ከኋላዬ መጥታ «አባት ነህ? ያላ፣ በል ግባ፣ በሩን ዘግተህ አትቁም» ብላ በክርኗ ገፋችኝ። በነርስ ክርን ተገፍቼ የአያቴን ደንብ አለፍሁ።

ያለምዘውድ ከስታለች። 

«መንገዱ ጠፍቶህ ነው?» አለችኝ።

«እኛ ዘንድ ወንድ…»

«እኛ ዘንድ ጎጆው ሩቅ ነበር፣ የሚመጣም አልነበረም። እዚህ የሌሎቹ ባሎች ይመጣሉ። የአልጋ ጎረቤቴ በየቀኑ ‹ባልሽ ሞቷል?› ትለኛለች። እኔ ‹ሠራተኛ ነው› እላለሁ።»

አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። ከዚያ የምፈራውን ተናገረችው። «ሱዳን ላይ ድንኳኑ ደጅ ስታስቃቸው ይሰማኝ ነበር» አለች። በስደት ሳለን የፊተኛው ልጃችን ሲሞት ማለቷ ነው። ያኔ እኔ ለወንዶቹ ቀልድ እያወራሁ ነበር። እንደሚሰማ አላወቅሁም። አይ፣ አውቅ ነበር፤ ድምፄ ከፍ ያለው እንዲሰማት ነበር፣ እዚህ ነኝ ለማለት። እንዲህ ብዬ ነገርኋት። አመነችኝ አላመነችኝ አላውቅም፤ እጄን ግን አለቀቀችም።

ስለ ካርታው ነገርኋት። ስለ ጅሉ ስነግራት ሳቀችና ሆዷን ይዛ «አታስቀኝ፣ ሐኪሙ ከልክሏል» አለች። በየቀኑ መጥቼ የጠዋቱን እንድነግራት አዘዘችኝ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 18

አማቴ ካርታውን አገኙት። ትራሴ ሥር።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የፊደል ማጥኛ ነው።» ይኼ ውሸት አልተዋጠላቸውም።

«ዋኘው፣ ኦሪት ስለ ጠንቋይ የሚለውን አባትህ አላስተማረህም? ይኼን ሁሉ በረሃ አልፈን፣ በዚህ ቤት ልትጠነቁልብን ነው?»

የሚመጣውን አልጠይቅም እትዬ፣ ጠዋት ሥዕል አያለሁ፣ ማታ የዋልሁትን እናገራለሁ አልሁ። ከደብተሩ አነበብሁላቸው። የኅዳር 14ን። ሳነብላቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ በየቃሉ እየተደናቀፍሁ። የኅዳር 9ን ግን ዘለልሁ። ያን ቀን የሚመጣውን ጠይቄያለሁ። እሳቸው ጥንቆላ ያሉትን ነው ያደረግሁት።

ሲሰሙ ቆይተው «ሥዕሉን ተወውና ማታ ማታ ይኼንን ብታደርግ ምን ይጎድልሃል?» አሉ። ካርታውን ሰብስቤ በሻሹ ጠቀለልሁ። ከዚያ «በሰንበት ያወጣኸው እንደሆን እሳት ውስጥ ነው የምጥለው» ብለው ሄዱ። ያው ፈቃድ ነው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

አንዲት ሴት በባዶ እጇ የአንበሳ አፍ ስትዘጋ። ቃል፦ ቀስ። ያለም «አንበሳው አንተ ነህ፣ አፍህን ነው የያዘችው» አለች። የአልጋ ጎረቤቷ ተተርጉሞላት ሳቀች። ስገባ አሁን «ሠራተኛው መጣ» ትለኛለች።


እሑድ፣ ኅዳር 29

ፋኖስ የያዘ ሽማግሌ። ነርሶቹ የሐኑካን በዓል ሻማ አብርተዋል። ደሙ ዛሬ ትንሽ ታይቷታል። ሐኪሙ «ሳቭላኑት» ይላል፤ ትዕግሥት። እኔ የማውቀው ትዕግሥት ካርታ ሲበወዝ ያለውን ብቻ ነው። ያልገጠመው፦ ሽማግሌው ጸጥ ብሏል። እኔ አልቻልሁም።


ሰኞ፣ ኅዳር 30

በትር። ስምንት። በአየር። ቸኩያለሁ። እሷ ዘንድ ሄጄ መጣሁ። ፊቷ ገርጥቷል። ሌላ ልጽፍ አልችልም።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ጠዋት። ያየሁት፦ ፀሐይ። ሕፃኑ በነጭ ፈረስ። የሱፍ አበባ ከግንቡ በላይ። የተሰማኝ፦ ደስታ። ቃል፦ ብርሃን።

ማታ። ሚፍዓል ሳለሁ ከሆስፒታል በስልክ ጠሩኝ። ስደርስ ወደ ቀዶ ጥገና ሊወስዷት በሚገፋ አልጋ ላይ ነበረች። «የዛሬው ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኋት። ከነፀሐዩ፣ ከነፈረሱ። ዐይኗን ጨፍና «በል ደኅና ነው» አለች። በሩ ተዘጋ። አማቴ ወንበር ላይ፣ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ። ማንም አልሳቀም፣ ማንንም አላሳቅሁም።

ሴት ልጅ። ሁለት ኪሎ ከአንድ መቶ ግራም። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ናት፤ ትተነፍሳለች። ያለም ደም ተሰጥቷት ተኝታለች፤ ትተነፍሳለች። ሁለቱንም ቆሜ ቆጠርሁ፤ ትንፋሻቸውን ማለቴ ነው።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

ሕፃኗ ከመስተዋቱ ወጣች፣ ጠባች። ያለም ቀና ብላ ተቀምጣለች። አማቴ «ሰማንያ ቀን» እያሉ ይቆጥራሉ፤ እኔን ግን ከደጅ አላስቆሙኝም። ያለም ዛሬ «ነገ ደብተሩን ይዘህ ና። ከኅዳር 1 ጀምረህ አንብብልኝ። ሁሉንም» አለችኝ።

ሁሉንም አለች። ስለዚህ ከነገ በፊት አንድ ነገር።

ይኼን ሁሉ ቀን የጻፍሁትን ሁሉ አይቼ ነው የጻፍሁት። ማጋነኑን እኔ ራሴ ከሥሩ እያረምሁ ሄጃለሁ። የታኅሣሥ 3ን ጠዋት ግን አላረምሁም። በእስክሪብቶ ስለሆነ አልሰርዘውም፤ ከሥር እጽፈዋለሁ።

ያን ጠዋት በአግባቡ በወዝሁ፣ በአግባቡ ጠየቅሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳብሁ። በወጣው ካርታ ላይ አንድ ሰው አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ከኋላው ጥቁር ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይ አግድም ዘጠኝ ሰይፍ። ልጽፈው አልቻልሁም። ደግሜ አልሳብሁም፤ እሱን ከሮሳ ተምሬያለሁ። ግን የወጣውን ትቼ የወደድሁትን የፀሐይ ካርታ ጻፍሁ፤ ለሷም ያንኑ ነገርኋት። ጅሉ እኔ ነኝ፤ ገበየሁ እውነቱን ነው።

ዛሬ ማታ አውጥቼ ጨርሼ አየሁት። ሰይፎቹ ዘጠኙም ግድግዳው ላይ ናቸው፤ አንዱም ሰውየው ላይ አልተሰካም። ብርድ ልብሱ ላይ ደግሞ ጽጌረዳ ተጠልፎበታል፤ ሰውየው ፊቱን ስለሸፈነ አያየውም። ያ ቀን እንዲያ ነበር። ያልገጠመው፦ ሰውየው ብቻውን ነው። እኛ ሦስት ነበርን፣ ማታ ደግሞ አራት።

ለካ የወጣው ካርታ ይበቃ ነበር። ፀሐይ ከኅዳር 2 እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ አልወጣችም፣ ያለሜ። እሷን የፈጠርኋት እኔ ነኝ።